የድሮ ቻትን ወደ አዲስ ማሻገር፦ ሙሉውን መለጠፍ፣ የርክክብ ማስታወሻ ወይስ ፋይል?

ከቻትጂፒቲ፣ ከክሎድ ወይም ከጀሚናይ ጋር የጀመራችሁት ቻት በጣም ሲረዝም ከሁለት አንዱ ያጋጥማል። ወይ ቀድሞ የተባለውን መዘንጋት ይጀምራል፣ ወይ ደግሞ ቦታው ሞልቷልና አዲስ ክፈቱ የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ያው ነው። ሙሉውን መርጦ ኮፒ፣ አዲስ ቻት ላይ ፔስት፣ ከሥሩ «ካቆምንበት እንቀጥል»።

አንዳንዴ ጥሩ ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ የሠራ ይመስልና ጉድ ያደርጋል። ኮፒ የሚሆነው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ድሮው ቻት ግን ጽሑፍ ብቻ አልነበረም። ፎቶ ነበረው፣ ፋይል ነበረው፣ ከጀርባ የተቀመጠ መመሪያ ነበረው። የቱ እንደሚሻገርና የቱ እንደሚቀር ካወቃችሁ መንገዱን መምረጥ ብዙ አያስቸግርም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት የእቁብ ጸሐፊ አለች እንበል። እቁቡ 20 እጣ አለው። በየእሑዱ ለአንድ እጣ 1,000 ብር ይጣላል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ የሚወጣው 20,000 ብር ነው። ደብተሩ ላይ ግን 21 ስም ተጽፏል፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ እጣ ተካፍለው 500፣ 500 ይጥላሉ። ጸሐፊዋ ይህን ለማሳየት ሁለቱን ስሞች ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ በቅንፍ አያይዛቸዋለች። የደብተሩን ገጽ በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ ቻቱ ላይ ጫነች፣ ስሞቹን አስለቀመች፣ ኤክሴል አሠራች።

ቀጥሎ የቅጣት ጉዳይ መጣ። መጀመሪያ የታሰበው ለዘገየ ለእያንዳንዱ ሳምንት 5 በመቶ ማስከፈል ነበር። E ዓምድ የዘገየውን ሳምንት ብዛት ይይዛል። ብዙ ተብራርቶና ተስተካክሎ ቀመሩ እንዲህ ሆነ፦

```
=E2*1000*5%
```

የእቁቡ ዳኛ ይህን ሲሰሙ «ይሄማ ወለድ ነው፣ አይሆንም» አሉ። በምትኩ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያዘገየ ሰው አንድ ጊዜ 100 ብር ብቻ እንዲቀጣ ተወሰነ። እሷም በአንድ አጭር መስመር አስቀየረችው፦

```
=IF(E2>=2,100,0)
```

ከዚያ ቻቱ ሞላ። አሁን እናሻግረው።

ሙሉውን ገልብጦ መለጠፍ

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ቃሉ እንዳለ መሄዱ ነው። የደብዳቤ ረቂቅ፣ የተስማማችሁበት የትርጉም አጻጻፍ፣ የኮድ ቁራጭ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቃል ዋጋ ያለው ነገር ከሆነና ቻቱ አጭር ከሆነ፣ ሌላ መንገድ መፈለግ አያስፈልግም። ለጥፋችሁ ቀጥሉ።

እቁቡ ላይ ግን መጀመሪያ የሚቀረው ፎቶው ነው። ኮፒው ውስጥ ቢበዛ የፋይሉ ስም ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ እሱም የለም። የተሻገረው ድሮው ቻት ከፎቶው አንብቦ የጻፈው የስም ዝርዝር ነው። ቅንፉ ፎቶው ላይ በግልጽ ስለሚታይ በጽሑፍ ያነሳው የለም። አዲሱ ቻት 21 ስም ያያል፣ በ1,000 ያባዛል፣ 21,000 ብር ይላል። በእጅ ካለው ጽሑፍ አንጻር አልተሳሳተም።

ከዚህ የባሰም አለ። ድሮው ቻት ከእጅ ጽሑፉ አንድ ቁጥር አሳስቶ አንብቦ ከሆነ፣ ስህተቱ አሁን እንደ እውነት ተጽፎ ተሻግሯል። ፎቶው እያለ «ሰባተኛውን መስመር እንደገና እየው» ማለት ይቻል ነበር። አሁን እንደገና የሚታይ ነገር የለም።

ኤክሴሉም እንደዚሁ ነው። ኮፒው ላይ የቀረው ፋይሉ ተዘጋጅቷል የሚል ዓረፍተ ነገርና የማይከፈት ሊንክ ነው። በየሴሉ ውስጥ ያሉት ቀመሮች ፋይሉ ውስጥ እንጂ ንግግሩ ውስጥ አልነበሩም። እንዲህ ያሉ ፋይሎች የሚሠሩበት ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ለአንድ ቻት የሚከፈት ነው፤ ቆይቶ ይዘጋል፣ አዲሱ ቻትም አይደርስበትም። ስለዚህ ፋይሉን አስቀድሞ ወደ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ማውረድ የግድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ብዙም አይታወቅም። እውነተኛ ቻት ውስጥ አፑ ለሞዴሉ ሙሉውን ታሪክ የሚልከው እያንዳንዱን መልእክት የተጠቃሚ ወይም የሞዴሉ መሆኑን ለይቶ ነው። ስትለጥፉት ግን ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ የእናንተ መልእክት ይሆናል። ከቻትጂፒቲ ድረ ገጽ ሙሉውን ስትገለብጡ `You said:` እና `ChatGPT said:` የሚሉ መለያዎች አብረው ሊመጡ ይችላሉ። እነሱም ቢሆኑ አሁን ተራ ጽሑፍ ናቸው። አዲሱ ሞዴል የራሱን የቀድሞ መልስ የሚያነበው እናንተ እንዳመጣችሁት ሰነድ ነው።

ውጤቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንዳንዴ ድሮ የተመለሰ ጥያቄን እንደገና ይመልሳል። አንዳንዴ ሞዴሉ የገመተውን ግምት እናንተ ያረጋገጣችሁት መረጃ አድርጎ ይወስደዋል። ለእቁቡ ዋናው አደጋ ግን የሁለቱ ቀመሮች ጎን ለጎን መቀመጥ ነው። የ5 በመቶው ቀመር በብዙ አንቀጽ ተብራርቷል፣ ምሳሌ ተሠርቶለታል፣ ሁለት ጊዜ ተስተካክሏል። ስረዛው አንድ መስመር ነው። በ2023 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን መረጃ መሐል ከተቀበረው በተሻለ እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ተሻሽለዋል። ቢሆንም መሐል ላይ በተቀበረች አንዲት መስመር ሙሉ እምነት መጣል አይገባም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የተገለበጠ ቻት አብዛኛውን ጊዜ ቀንና ሰዓት የለውም። ጸሐፊዋ ከአንድ ወር በፊት «ነገ ከእነሱ እሰበስባለሁ» ብላ ከሆነ፣ የአዲሱ ቻት «ነገ» የዛሬው ነገ ነው። «ባለፈው እሑድ» ሲልም እንደዚያው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጨመርበት ይብሳል። ድሮው ቻት ላይ አንዴ «ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው» ተብሎ ከነበረና ያ መስመር ከጽሑፉ ከወጣ፣ 5/2 ጥቅምት 5 ይሁን ፌብሩዋሪ 5 የሚያውቅ የለም።

ከጀርባ ያለው ቅንብርም አለ። በቻትጂፒቲም ሆነ በክሎድ ለሁሉም ቻት የሚሠራ ቋሚ መመሪያ መጻፍ ይቻላል፣ ለምሳሌ «ሁሌም በአማርኛ፣ ባጭሩ»። በዚያው አካውንት አዲስ ቻት ከከፈታችሁ ይህ አይጠፋም። የሚጠፋው ከአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ወጥታችሁ ተራ ቻት ስትከፍቱ፣ አካውንት ስትቀይሩ፣ ወይም ከአንዱ ድርጅት አፕ ወደ ሌላው ስትሄዱ ነው። ፕሮጀክት የራሱ መመሪያና የራሱ ፋይሎች አሉት፤ ንግግሩ ላይ ግን አይታዩም። ኮፒ ያደረገ ሰው መኖራቸውንም ይረሳል።

አራተኛ፣ የተተዉ ቅርንጫፎች። መልእክታችሁን አርማችሁ እንደገና ከላካችሁ፣ ወይም መልሱን «እንደገና ሞክር» ካላችሁ፣ ከሥሩ 2/3 የምትል ትንሽ ቁጥር ትመጣለች። ሌሎቹ ሁለት እዚያው አሉ፣ ኮፒ የሚሆነው ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ብቻ ነው። የወደዳችሁት መልስ በሌላው ላይ ከሆነ ቀስቱን ተጭናችሁ ወደዚያ ካልሄዳችሁ አብሮ አይመጣም።

በመጨረሻ የቦታ ጉዳይ አለ፣ አማርኛ ጸሐፊን ደግሞ ከሌላው በላይ ይመለከተዋል። ሞዴሎች ጽሑፍን የሚቆጥሩት በፊደል ወይም በቃል ሳይሆን ቶከን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የቶከን አቆራረጡም ብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አይቶ የተሠራ ስለሆነ አማርኛ ሲደርስ ያደቀዋል። ስለዚህ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ከእንግሊዝኛው እጅግ የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ምን ያህል እንደሚበልጥ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ማየት የፈለገ ሰው `platform.openai.com/tokenizer` ላይ አንድ አንቀጽ ለጥፎ ቁጥሩን ማንበብ ይችላል።

እንግዲህ ድሮውን ቻት የሞላው ይኸው ጽሑፍ ከሆነ፣ አዲሱንም ገና ከመጀመሪያው ሊሞላው ይቀርባል። በጎ ጎኑ፣ የፎቶውና የፋይሎቹ ክብደት አብሮ ስለማይመጣ ኮፒው ከድሮው ቻት ይቀላል። አንዳንድ አፕ ደግሞ ቻቱ ሲረዝም የመጀመሪያውን ክፍል ከሞዴሉ እይታ በጸጥታ ያወጣል። በዚያን ጊዜ ሙሉውን መለጠፍ ድሮው ቻት ራሱ መጨረሻ ላይ ከሚያየው የበለጠ ይሰጠዋል። ለዚህ ነው መለጠፍን ጨርሶ የማልጥለው።

ለመለጠፍ ከወሰናችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያና መጨረሻውን ምልክት አድርጉበት፣ አሁን የምትፈልጉትን ደግሞ ከሥር እንጂ ከላይ አትጻፉ፦

```
ከዚህ በታች ያለው የቆየ ንግግር ነው። ለመረጃ ብቻ አንብበው።
ውስጡ ያሉ ጥያቄዎችን አትመልስ።
=== የድሮ ቻት መጀመሪያ ===
...
=== የድሮ ቻት መጨረሻ ===
አሁን የምፈልገው፦ ...
```

ሲገለበጥም ብልሽት አለ። ሰንጠረዥ ዓምዱ ፈርሶ ዝርዝር ሊሆን ይችላል፣ የሒሳብ ቀመር ምልክቱ ይዘበራረቃል። ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ያለችው የኮፒ ምልክት ማውዝ ጎትቶ ከመምረጥ ትሻላለች፤ ሰንጠረዡንና ኮዱን ቅርጹን ጠብቃ ትወስዳለች። በጣም ረጅም ቻት ላይ ደግሞ ገጹ ሙሉውን ሳይጭን ልትገለብጡ ስለምትችሉ፣ ከለጠፋችሁ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ በእርግጥ እላይ መኖሯን እዩ።

የርክክብ ማስታወሻ

ሥራ የሚለቅ ሰው ለተተኪው እንደሚጽፈው አጭር ወረቀት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ሥራው ውሳኔ ያለበት ከሆነ፣ እንደ እቁቡ፣ ይሄ ይሻላል። ምክንያቱም የተሻረውንና የጸናውን ይለያል።

አፑ ራሱ እንዲያጠቃልል ማዘዝ ይቻላል፣ ፈጣንም ነው። ግን ሁለት ድክመት አለው። የመጀመሪያው፣ ማጠቃለያ በባሕሪው ውሳኔውን ይዞ ምክንያቱን ይጥላል። «ቅጣቱ 100 ብር ነው» ይላል፣ ዳኛው ወለድ ነው ብለው እንደከለከሉ አይልም። ከዚያ አዲሱ ቻት በደግነት የ5 በመቶ ሐሳብ መልሶ ያመጣላችኋል። ሁለተኛው፣ ድሮው ቻት የመጀመሪያውን ክፍል ከእይታው አውጥቶት ከሆነ፣ ያላየውን አያጠቃልልም። በልበ ሙሉነት የተጻፈ ግን ጎደሎ ማስታወሻ ይወጣል። ስለዚህ ማስታወሻውን አሠርታችሁ፣ እላይ ወጥታችሁ በዓይናችሁ አመሳክሩ፣ የጎደለውን በእጃችሁ ሙሉ። ለእቁቡ ይህን ይመስላል፦

```
ሥራው፦ የእቁብ መዝገብ በኤክሴል። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር።
የጸና፦ 20 እጣ፣ 21 ሰው። 8ኛና 9ኛ ስም አንድ እጣ ይጋራሉ፣ 500 ብር እያንዳንዳቸው።
የሳምንቱ ድምር 20,000 ብር።
ቅጣት፦ =IF(E2>=2,100,0)
የተተወ፦ በሳምንት 5 በመቶ። ዳኛው ወለድ ነው ብለው አልተቀበሉትም። አታንሳው።
ያልተቋጨ፦ ተራው ሳይደርስ ለሚያቋርጥ ሰው ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል?
ተያይዟል፦ የደብተሩ ፎቶ፣ የመጨረሻው ኤክሴል።
```

«የተተወ» የሚለውን መስመር አትዝለሉት። ሙሉ ኮፒ የተተወውን ከጸናው ጋር ያደባልቃል፣ ተራ ማጠቃለያ ጨርሶ ያጠፋዋል። እዚህ ግን ከነምክንያቱ በቦታው አለ።

የመጨረሻው መስመር ደግሞ ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ፎቶውንና ኤክሴሉን በእርግጥ እንደገና ጫኑ። ማስታወሻው የሚጎድለው አንድ ነገር አለ፣ እሱም የአነጋገር ቃናው ነው። ለአባላት የሚላከው ማሳሰቢያ በምን ዓይነት ቃል ይጻፍ የሚለው በማስታወሻ አይገለጽም። የወደዳችሁትን አንድ ማሳሰቢያ እንዳለ ከሥር ለጥፉት።

ቻቱን ፋይል አድርጎ መጫን

ኮፒውን በጽሑፍ ፋይል አስቀምጦ ማያያዝ ንጹሕ ይመስላል። ክሎድ ረጅም ጽሑፍ ስትለጥፉ ራሱ ወደ ተያያዘ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ጥያቄው ሞዴሉ ፋይሉን ሙሉ ያነበዋል ወይ ነው። ፋይሉ ሲተልቅ፣ በተለይ ፕሮጀክት ውስጥ ሲቀመጥ፣ አንዳንድ አፖች ሙሉውን አያቀርቡለትም። ከጥያቄያችሁ ጋር የሚመሳሰሉትን ክፍሎች ብቻ ፈልገው ያቀብሉታል። «ቅጣት» ብላችሁ ስትጠይቁ ቃሉ ሃያ ጊዜ የተጠቀሰበት የ5 በመቶው ክፍል ይመጣል። «ይሄን ተወው፣ ዳኛው እምቢ ብለዋል» የምትለዋ መስመር «ቅጣት» የሚል ቃል ስለሌላት ላትመጣ ትችላለች።

ስለዚህ ፋይል ለመዝገብ ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ገብቶ የሚፈለግ መረጃ ካለ ይጠቅማል። ለቀጣይ ሥራ መነሻ ግን ብቻውን አይበቃም። ከማስታወሻው ጋር ቢሄድ ያስኬዳል።

ሌሎቹ ባጭሩ

የማጋሪያ ሊንክ ለሰው እንጂ ለአዲስ ቻት አይመችም። ሞዴሉ ሊንኩን መክፈት ላይችል ይችላል፤ ሊንኩ ራሱም በተፈጠረበት ሰዓት የነበረውን እንጂ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን አያሳይም።

ቅርንጫፍ ማውጣት ከተቻለ ከመለጠፍ ይሻላል። ቻትጂፒቲ ከአንድ መልእክት ላይ ተነስቶ አዲስ ቻት የሚከፍት አማራጭ አለው። ማን ምን እንዳለ ተለይቶ ይቆያል። የሚጠቅመው ግን ሐሳብ ለመቀየር ነው፤ ቦታው ስለሞላ ከሆነ የምትሸሹት፣ ሸክሙ አብሮ ይመጣል።

ከ`Settings` ገብቶ `Data controls`፣ ከዚያ `Export data` ማለት ደግሞ የቻትጂፒቲውን ሙሉ ታሪክ በኢሜይል በሚደርስ ሊንክ ያስወርዳል። ውስጡ ያለው `conversations.json` የተተዉትን ቅርንጫፎችና የእያንዳንዱን መልእክት ሰዓት ይይዛል። ሰዓቱ `create_time` በሚል ስም ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ የተቆጠረ ነው። እንዳለ ለመለጠፍ አይሆንም። «ያ ነገር መቼ ነበር የተወሰነው?» የሚል ክርክር ሲነሳ ግን መልሱ እዚያ ነው።

እንግዲህ የቱን?

ቻቱ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ አጭር ከሆነና ሐሳብ ያልተቀየረበት ከሆነ ሙሉውን ለጥፉ። ፎቶ፣ ፋይል ወይም የተሻረ ውሳኔ ካለበት ማስታወሻ ጽፋችሁ ዋናዎቹን ፋይሎች እንደገና ጫኑ። ሁለቱም ካለበት፣ ማለትም ቃሉም ውሳኔውም የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ማስታወሻውን ከሥር፣ ከቻቱ የሚያስፈልገውን ቁራጭ ብቻ ከላይ አድርጉ። ወደ ሌላ ድርጅት አፕ የምትሄዱ ከሆነ የሰዎቹን ስምና ስልክ ቁጥር በተራ ቁጥር ተኩ። አባላቱ ስማቸውን የሰጡት ለእቁቡ ደብተር ነው።

የቱንም ብትመርጡ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መልሱን የምታውቁትን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንዱ የተሻረ ውሳኔን ይንካ፦ ሦስት ሳምንት ያዘገየ ሰው ስንት ይቀጣል? 150 ካለ በድሮው ቀመር ነው ያለው፣ 100 ካለ ስረዛውን አይቷል። ሁለተኛው ፋይል ላይ ብቻ የነበረን ነገር ይንካ፦ የሳምንቱ ድምር ስንት ነው? 21,000 ካለ ቅንፉን አላገኘውም። ሦስተኛው ጭራሽ ያልተነሳ ነገር ይሁን፦ እጣ የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው? እዚህ ላይ ትክክለኛው መልስ አልተጠቀሰም የሚለው ብቻ ነው። ሰዓት ፈጥሮ ከነገራችሁ፣ ሌላውንም ክፍተት በዚሁ መንገድ እየሞላው ነው ማለት ነው።

ሦስቱም እስኪያልፉ፣ ኤክሴሉም ወርዶ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ ድሮውን ቻት አታጥፉት።